ከጃኬት ኪስ የወጣው ክኒን

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ ለጥምቀት ከአሜሪካ መጥታ ስትመለስ ጃኬቷን እኛ ቤት ረስታው ሄደች። ላጥበው ብዬ ኪሱን ስፈትሽ ሁለት ክኒኖች አገኘሁ። አንዱ ትልቅ ነው፣ ነጭ፣ ሞላላ። IP 46 የሚል ተጽፎበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ተፍቋል። ሁለተኛው ትንሽ፣ ነጭ፣ ክብ ነው። መሃሉ ላይ መስመር ብቻ አለው እንጂ ምንም አልተጻፈበትም። አያቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው «የአሜሪካ መድኃኒት እኮ ነው፣ አምጪው ልዋጠው» ብለው አስቸገሩኝ። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። አክስቴን ብደውል ብደውል አታነሳም። ምን እንደሆኑ ማወቅ ይቻላል?
ከማራኪ፣ ጎንደር

እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱንም ክኒን ለየብቻ በወረቀት ጠቅልለሽ እማማ ከማይደርሱበት፣ ቤት ውስጥ ልጅ ካለም ልጅ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጪልኝ። ከዚያ ተመልሰሽ አንብቢኝ።

አጭሩ መልስ ይኸውልሽ። ጽሑፍ ያለበትን ማወቅ ይቻላል፤ የተፋቀው ቁጥር እንኳ ብዙ አያስቸግረንም። ባዶውን ግን በዓይን አይቶ «ይሄማ እንትን ነው» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ አትመኚው። ነጭ ጋውን ቢለብስም አትመኚው። እኔም ጋውን ለባሽ ነኝና ይህን ስል ራሴንም ጨምሬ ነው።

ክኒን ላይ ያለው ጽሑፍ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በሕግ የታዘዘ ነው። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ በአፍ የሚዋጥ ክኒንና ካፕሱል፣ በሐኪም ማዘዣ የሚገዛውም ያለ ማዘዣ የሚገዛውም፣ ከጥቂቶች በቀር መለያ ጽሑፍ እንዲኖረው ይገደዳል። ሕጉ ግን ጽሑፉ ብቻውን ይበቃል አይልም። ጽሑፉ ከቅርጹ፣ ከቀለሙና ከመጠኑ ጋር አንድ ላይ ሲታይ መድኃኒቱንና የሠራውን ፋብሪካ መለየት አለበት ነው የሚለው።

እንደ መኪና ታርጋ አስቢው። ታርጋው ተመዝግቦ የሚገኘው በባጃጅ ስም ሆኖ አንቺ ግን የተለጠፈው አይሱዙ ላይ ካየሽው፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ወይ ቁጥሩን አሳስተሽ አንብበሻል፣ ወይ ሰው አጭበርብሯል። ክኒንም እንዲሁ ነው። ጽሑፉ ስም ይሰጥሻል፤ ቅርጹና ቀለሙ ያንን ስም ያጸኑታል ወይም ያፈርሱታል። ቅደም ተከተሉን አትርሺው። ብዙ ሰው ገልብጦት «ነጭና ሞላላ ክኒን ምንድን ነው?» ብሎ ከቀለም ይጀምራል። ነጭና ሞላላ የሆነው እልፍ ነው።

እንግዲህ ንባቡ ላይ እንምጣ። አብዛኛው ክኒን ላይ ጽሑፉ በቀለም የተጻፈ ሳይሆን ክኒኑ ሲጨመቅ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። በቀለም የታተመው ኪስ ውስጥ ሲፋተግ ይጠፋል። የጎደጎደው ግን አፉ ቢደበዝዝም ሥሩ ይቀራል። አንቺ «ተፍቋል» ያልሽው ቁጥር ምናልባት አልጠፋም፤ የጃኬቱ ብናኝ ሞልቶት ይሆናል።

ማታ መብራቱን አጥፊና ክኒኑን ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጪው። የስልክሽን ባትሪ አብሪና ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ዝቅ አድርገሽ ያዢው። ብርሃን ከላይ ሲመጣ ጉድጓዱን ይሞላዋል፣ ምንም አይታይም። ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ቁጥር ጥላ ይጥላል። ባትሪውን ቀስ እያልሽ በክኒኑ ዙሪያ አዙሪው፤ ከአንድ አቅጣጫ ያልታየው ከሌላው ይወጣል። በሌላ ስልክ አስጠግተሽ ፎቶ አንሺና ፎቶውን አሳድገሽ እይው። በዓይን የማይነበበው ብዙ ጊዜ ፎቶ ላይ ይነበባል። ብናኝ ከያዘው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠረግ አድርጊው። ውኃ እንዳታስነኪው፤ ሽፋኑ ይሟሟና የነበረውም ይጠፋል። በምላስ መቅመስ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ይህን የምለው የሚያደርገው ሰው ስላለ ነው።

ሁለቱንም ገጽ እይ። ብዙ ክኒን ፊቱ ላይ ፊደል፣ ጀርባው ላይ ቁጥር አለው፤ ሰው ግን አንዱን ገጽ ብቻ አንብቦ ይፈልጋል። መሃል ላይ መስበሪያ መስመር ካለ ጽሑፉ ለሁለት ተከፍሎ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ይቀመጣል። ግማሽ ክኒን ይዘው የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘው የሚመጡት የጽሑፉንም ግማሽ ነው።

ከዚያ ደግሞ የሚያምታቱ ምልክቶች አሉ። 0 እና O፣ 1 እና I፣ 5 እና S፣ 8 እና B። ቁጥር ብቻ ያለበት ክብ ክኒን ከሆነ ደግሞ የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደሆነ አይታወቅም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሰውዬ እንዲህ ያለ ክኒን ይዘው መጡ። 91 ነው ብዬ ብፈልግ የሚመስለው አጣሁ። ያወጣልኝ ክኒን ሌላ ቀለም፣ ሌላ ቅርጽ ነው። ቀለሙ ለቆ ይሆናል ብዬ ልቀበለው ምንም አልቀረኝ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ክኒኑን በጣቷ አዞረችውና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ 16 ነው» አለችኝ። አፈርኩ። ያን ቀን ያዳነኝ ቅርጹ አለመግጠሙ ነው፣ እኔ ግን እሱን ለማስተባበል ሰበብ እፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅርጹ አልገጥም ሲል መጀመሪያ የምጠረጥረው ንባቤን ነው።

ያንቺ ላይ ይህ ችግር የለም። IP የሚሉት ፊደሎች አቅጣጫውን ይነግሩሻል። P ከተገለበጠች ወዲያው ትታወቃለች። ስለዚህ ስድስቱ ስድስት ነው፣ ዘጠኝ ሊሆን አይችልም።

አሁን ፍለጋው። Drugs.com ላይ የክኒን መለያ ገጽ አለ። የጽሑፍ፣ የቀለምና የቅርጽ ሦስት ሳጥኖች አሉት። መጀመሪያ የጽሑፉን ሳጥን ብቻ ሙይ፤ ቀለሙንና ቅርጹን ባዶ ተይው። ለምን ብትይ፣ አንቺ ነጭ ያልሽውን ገጹ ላይ የመዘገበው ሰው ክሬም ብሎት ከሆነ፣ ትክክለኛው ክኒን ከዝርዝሩ ይወጣብሻል። ቀለምና ቅርጽ ዝርዝሩ ከመጣ በኋላ ለማጣራት ነው። Pillbox የሚባል የአሜሪካ መንግሥት ገጽም ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ስለተዘጋ «እዚያ ግቢ» የሚል የቆየ ምክር ካገኘሽ እለፊው።

የተፋቀው አንድ አኃዝ ብቻ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ከ IP 460 እስከ IP 469 አሥር ጊዜ መሞከር ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ስትሞክሪ ሦስቱ ላይ ነጭ የአይቡፕሮፌን ክኒን ይመጣልሻል። እነዚህ የአንድ ፋብሪካ ናቸው፣ መድኃኒታቸውም አንድ ነው። IP 464 ባለ 400 ሚሊግራም ነው፣ IP 465 ባለ 600፣ IP 466 ደግሞ ባለ 800። ሦስቱም ነጭ ስለሆኑ ቀለሙ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድልሽም። ቅርጹ ግን ቁልጭ አድርጎ ይለያቸዋል። የ400 ሚሊግራሙ ክብ ነው። የ600ው እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። የ800ው የካፕሱል ቅርጽ አለው።

አንቺ «ሞላላ» ብለሽ ጽፈሻል። ክቡ ወጣ። የቀሩት ሁለት ናቸው። ችግሩ በእኛ ቋንቋ ላይ ነው። እኛ ሞላላ የምንለው ክብ ሳይሆን ረዘም ያለውን ሁሉ ነው። ክኒን የሚመዘግቡት ሰዎች ግን ሁለት ቅርጽ ይለያሉ። አንዱ እንደ እንቁላል ጎኑ በሙሉ የሚጎብጥ ነው። ሌላው ሁለቱ ጎኖቹ ቀጥ ብለው ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ ጫፎቹ ብቻ የሚጠጉ ነው፤ ይህኛው ካፕሱል ይመስላል። እዚህ ላይ ካልተጠነቀቅሽ 600ው 800 ይሆንብሻል።

በዓይን ግምት አትፍረጂ፣ ማስመሪያ አምጪ። ክኒኑን በጀርባው አስተኚውና የማስመሪያውን ቀጥ ያለ ጠርዝ ከረዥሙ ጎን ጋር አስጠጊው። እንደ እንቁላል የሞለለ ከሆነ ጠርዙን የሚነካው መሃሉ ላይ በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ በግራም በቀኝም እየሰፋ የሚሄድ ክፍተት ታያለሽ። የካፕሱል ቅርጽ ከሆነ ጎኑ ማስመሪያው ላይ ልጥፍ ይላል፣ ክፍተት የምታዪው ጫፎቹ ጋ ብቻ ነው። በዚያው ርዝመቱን በሚሊሜትር ለኪና ጻፊው፤ ገጾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የክኒኑ ርዝመት ይሰፍራል።

ማስመሪያው «እንቁላል» ካለሽ፣ ወደ ባትሪሽ ተመለሽ። አሁን የምትፈልጊው ማንኛውንም ቁጥር አይደለም፣ 5ን ነው። 5 አናቱ ላይ አግድም ቀጥ ያለ ጭረት አለው፣ 6 የለውም። ተፍቋል ባልሽው ቦታ ላይ የዚያች ጭረት ጥላ ከታየሽ ሁለት የተለያዩ ምስክሮች አንድ ቃል ተናገሩ ማለት ነው። ቅርጹ 465 ይላል፣ የቁጥሩ ቅሪትም 465 ይላል። ማስመሪያው እንቁላል ብሎ ቁጥሩ ግን 6 ከመሰለሽ ከሁለቱ የአንዱን ንባብ ተሳስተሻል፤ እንደገና እይ እንጂ ደስ ያለሽን አትምረጪ።

በመጨረሻ አንድ ማረጋገጫ። DailyMed በሚባለው የአሜሪካ ገጽ ላይ የመድኃኒቱ ሙሉ ማብራሪያ አለ። እዚያ ውስጥ ክኒኑ እንዴት እንደሚቀርብ የሚናገር ክፍል ታገኛለሽ፦ ቀለሙ ይህ፣ ቅርጹ ይህ፣ በአንድ ጎኑ ይህ ተቀርጾበታል፣ ሌላው ጎኑ ባዶ ነው ይላል። ክኒኑን በእጅሽ ይዘሽ ያንን ቃል በቃል አስተያዪው። ከዚያ ገጽ ጋር አንድ ነገር እንኳ ካልተስማማ ያገኘሽው ስም አልጸናም።

«IP ካለ በቃ የአይቡፕሮፌን ነው» ብለሽ እንዳትሄጂ ደግሞ። IP የፋብሪካው ምልክት ነው፣ የመድኃኒቱ አይደለም። IP 190 ናፕሮክሰን ነው፤ ነጭ፣ የካፕሱል ቅርጽ። እሱም የሕመም ማስታገሻ ስለሆነ ብዙም አያስደነግጥ ይሆናል። IP 110 ግን እሱም ነጭ፣ እሱም የካፕሱል ቅርጽ ሆኖ፣ ውስጡ ፓራሲታሞልና ሃይድሮኮዶን አለ። ሃይድሮኮዶን የሞርፊን ዘመድ ነው። ለምዶት ለማያውቅ አሮጊት ሰው እንቅልፉ ይከብዳል፣ ትንፋሽም ሊያዳክም ይችላል። IP 203 ደግሞ ነጭ ክብ ነው፣ እሱም የዚያው ወገን ኦክሲኮዶን አለበት። እንግዲህ ፊደሎቹን አንብቦ፣ ቀለሙን አይቶ፣ ቁጥሩን የዘለለ ሰው ምን ላይ ሊወድቅ እንደሚችል ታዪዋለሽ። ሦስት አኃዝ ውስጥ ነው ሁሉም ያለው።

ስለ ቀለም ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚያምነው እሱን ነው። ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አለ፤ የልብ ሕመምተኞች ያውቁታል። መጠኑ ትንሽ ቢዛነፍ ደም ስለሚያፈስስ ፋብሪካዎች እያንዳንዱን መጠን በቀለም ለዩት። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አሜሪካ ውስጥ ሮዙ ባለ 1 ሚሊግራም ሲሆን እንግሊዝ አገር ሮዙ ባለ 5 ነው። ሰማያዊው አሜሪካ 4፣ እንግሊዝ 3 ነው። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ዘመድ ከዋሽንግተን ሌላው ከለንደን መጥቶ «ሮዟን ዋጪ» ቢሉ ልዩነቱ አምስት እጥፍ ነው። ቀለም የሚናገረው ክኒኑ ከየት አገር እንደመጣ ካወቅሽ በኋላ ነው።

ቀለም ደግሞ ይለወጣል። የኪስ ላብ፣ የጃኬቱ ጨርቅ ቀለም፣ ፀሐይ የመታው መስኮት አጠገብ መክረም፣ ሁሉም ነጩን ቢጫ ያስመስሉታል። ስለዚህ ቀለሙን ስታዪ በቀን ብርሃን፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ እይ። የቤታችን አምፖል ብዙውን ነገር ቢጫ ያደርጋል።

አሁን ወደ ባዶው ክኒን እንሂድ። እዚህ ላይ ዝምታውም አንድ ነገር ይነግረናል። የአሜሪካ መድኃኒት መለያ ጽሑፍ ይኖረዋል ብያለሁ። እንግዲህ ምንም ያልተጻፈበት ክኒን ከአሜሪካ መድኃኒት ቤት የወጣ መሆኑ አጠራጣሪ ነው። አንድም ቪታሚን ወይም ተጨማሪ ምግብ የሚሉት ነገር ነው፤ በእነዚህ ላይ ሕጉ አይደርስም። አንድም ከሌላ አገር የመጣ ነው። አክስትሽ ለጥምቀት ስትመጣ ጉንፋን ይዟት ወይም ሆዷን አሟት ፒያሳ ካለ መድኃኒት ቤት የሆነ ነገር ገዝታ ይሆናል። እኛ አገር በሚሸጡት ክኒኖች ላይ፣ የአገር ውስጡም ከውጭ የሚገባውም፣ ጽሑፍ የሌለባቸው ብዙ ናቸው። መለያቸው ማሸጊያው ነው። ከማሸጊያው ሲወጡ ስማቸውንም እዚያው ትተው ይወጣሉ።

መሃል ላይ ያለችው መስመር ክኒኑን ለሁለት ለመስበር ናት። ምንነቱን አትናገርም። በግማሽ የሚወሰድ መድኃኒት ብዙ ነው። ትንሽነቱም አያጽናናሽ። ለልብ የሚሰጠው ዲጎክሲን ሩብ ሚሊግራም ነው የሚይዘው፣ ክኒኑም ትንሽ ነጭ ክብ ሆኖ ይመጣል፤ የበዛበትን ሰው ግን የልብ ምቱን ያዛባል። ሽንት የሚያሸናው ፉሮሴማይድም ትንሽ ነጭ ክብ ሆኖ፣ መሃሉ ላይ መስመር ኖሮት ይመጣል። እኔ እነዚህን ሁለቱን ያለ ማሸጊያ አንድ ሳህን ላይ ብትደባልቂብኝ ሁሌ እለያቸዋለሁ ብዬ አልፎክርም።

ስለዚህ ጽሑፍ ለሌለው ክኒን ቅርጽና ቀለም ማስወጣት እንጂ ማስገባት አይችሉም። «የወባው ኮአርቴም አይደለም» ማለት እችላለሁ፤ ኮአርቴም ቢጫ ነውና፣ ጽሑፍም አለበት። «የቢልሃርዚያው ፕራዚኳንቴል አይደለም» ማለትም እችላለሁ፤ ደምቢያ አካባቢ ትምህርት ቤት ሲታደል ያየሽው ከሆነ ያ ትልቅ ነው፣ ትንሽ ክብ አይደለም። «አይደለም» እያልኩ ሩቅ ልሄድ እችላለሁ። «ነው» የምትለዋን ቃል ግን ከዚህ ክኒን ላይ አላገኛትም።

«ፋርማሲ ወስጄ ላሳያቸውስ?» ትዪ ይሆናል። ውሰጂው፣ ግን ጥያቄሽን አስተካክይው። «ይሄ ምንድን ነው?» ስትዪ ባለሙያው ለመገመት ይገፋፋል፤ ሰው ነውና አላውቅም ማለት ይከብደዋል። «ጽሑፍ የለውም፣ ልታስወግዱልኝ ትችላላችሁ?» በይ። የመጀመሪያውን ክኒን ግን ከነፎቶው ከነፍለጋ ውጤትሽ አሳዪ። ሁለተኛ ዓይን ጥሩ ነው።

እማማ ጋ ስንመጣ፣ ክኒኑ IP 465 ሆኖ ቢረጋገጥም እንኳ ለእርሳቸው አይሆንም። አይቡፕሮፌን ጉልበት ያስታግሳል፣ አልዋሽሽም። ነገር ግን ውኃና ጨው ሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የግፊት መድኃኒታቸውንም ጉልበት ያሳጣዋል። እንደ ብዙዎቹ የከተማችን አዛውንቶች ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አንድ ላይ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ይህ ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። ጨጓራ ማድማቱም አለ። 600 ሚሊግራም ደግሞ አሜሪካም በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ መጠን ነው፣ ከሱቅ አንስተው የሚገዙት 200 ነው። «የአሜሪካ ነው» ሲሉሽ «ለአክስቴ የታዘዘ ነው እንጂ ለእርስዎ አይደለም» በያቸው። በሚቀጥለው የግፊት ቀጠሯቸው የጉልበቱን ነገር ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ለእርሳቸው የሚስማማ ማስታገሻ አይጠፋም።

ሁሉ ነገር ቢገጥም እንኳ ጽሑፉ የማይነግርሽ ነገር አለ። መቼ እንደተሠራ አይልም፣ ጊዜው አልፎበት እንደሆነ አይልም፣ ስንት ወር ኪስ ውስጥ እንደከረመም አይልም። እውነተኛነቱንም አይመሰክርም። አሜሪካ ውስጥ M እና 30 የተቀረጸበት ሰማያዊ ክብ ክኒን አለ፤ ትክክለኛው ኦክሲኮዶን ነው። ወንጀለኞች ጽሑፉን፣ ቅርጹንና ቀለሙን አንድ አድርገው አስመስለው እየሠሩ ውስጡን ፌንታኒል ያደርጉበታል፣ ሰውም ሞቶበታል። ታርጋ ይሰረቃል። አክስትሽን እየጠረጠርኩ አይደለም፣ ከማሸጊያው የወጣ ክኒን ሁሉ ዕጣው ይህ ስለሆነ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምታነቢው ልጅ አንዱን ክኒን ውጦ ከሆነ ግን ማስመሪያውንም ፍለጋውንም ተይው። አታስመልሺው፤ የቀረውን ክኒን ወይም ፎቶውን ይዘሽ ቶሎ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። «ደህና ነው፣ እየተጫወተ ነው» ብለሽ አትጠብቂ። የስኳሩ ግሊቤንክላማይድ አንዲት ፍሬ ብቻ የሕፃን ስኳር ከሰዓታት በኋላ ልትጥል ትችላለች። ባዶውን ክኒን ምን እንዳልሆነ እንጂ ምን እንደሆነ ስለማናውቅ ሐኪሞቹ ይህንንም አስበው ያቆዩታል።

ለአክስትሽ በቴሌግራም ፎቶዎቹን ላኪላት። የሁለቱንም ክኒን የፊቱንና የጀርባውን፣ ከማስመሪያው ጋር። «ከጃኬትሽ ኪስ ያገኘሁት ነው፣ ምንድን ናቸው? የሚያስፈልጉሽ ናቸው?» በያት። እዚያ ሌሊት ሲሆን እዚህ ቀን ነውና ተኝታ ይሆናል፤ ስትነቃ ታየዋለች። ለራሷ ብቻ ላኪላት ግን፣ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ አትለጥፊው። ኮዱ አንዴ ከታወቀ መድኃኒቱ ይታወቃል፣ መድኃኒቱ ከታወቀ ሕመሟ ይታወቃል። የአይቡፕሮፌኑስ ምንም አይደል። ሁለተኛው ምን እንደሆነ ግን አናውቅም፣ እና ቡና ላይ የሚወራ ነገር ላይሆን ይችላል።

ብትመልስልሽም ክኒኖቹን አታስቀምጪላት፤ እዚያ አዲስ ታገኛለች። ፋርማሲው አልቀበልም ካለሽ ሁለቱንም ሳትፈጪ ከቡና አተላ ጋር ቀላቅለሽ በፌስታል ቋጥረሽ ከቆሻሻው ጋር ጣይው። አተላው የሦስተኛው ቢሆንም ይሠራል፤ ዋናው ነገር ልጅም ከብትም ፈልፍሎ እንዳያነሳው መራራ መሆኑ ነው። ጃኬቱንም ከማጠብሽ በፊት የውስጥ ኪሱን ደግሞ አንዴ እይልኝ።